ውዳሴ ለሃይላንድ ውሃ

በጎጃም የትምህርት ቤት ሜዳዎች ላይ ከጤና ጣቢያ የሚበልጥ አንድ ተቋም አለ፤ እርሱም የስፖርት መምህሩ ከመስመር ውጭ ይዘውት የሚቆሙት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው። ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ይፈስሳል፣ ጉልበት ሲላጥ ይፈስሳል፣ ራስ ከራስ ሲጋጭ ደግሞ ከአናት ጀምሮ እስከ ማጅራት ይወርዳል። ልጁም ብድግ ይላል። ብድግ ካለ ድኗል፤ ከዳነ ይጫወታል፤ ከተጫወተ ደግሞ ቤተሰብ የሚጠራበት ምክንያት የለም። ይህን የመሰለ አጭር ሕክምና ያገኘ ሀገር በሐኪም እጥረት ማማረሩ ይገርመኛል።

የዚህን ጥበብ ሙሉ ሥርዓት በዐይኔ ያየሁት በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት ከተማ፣ በክፍል ለክፍል የእግር ኳስ ውድድር ላይ ነው። የማዕዘን ምት ሲሻማ አንድ የ9ኛ ክፍል ተከላካይ በቴስታ ለማውጣት ዘለለ፤ የተቃራኒው አጥቂም ዘለለ፤ ኳሷ በላያቸው አልፋ ሄደች፣ የሁለቱ ግንባር ግን ተገናኘ። ድምፁ እኔ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ድረስ ተሰማ። አጥቂው ግንባሩን እያሻሸ ተነሣ። ተከላካዩ ዐይኑን ገልጦ ወደ ሰማይ እያየ ጥቂት ቆየና የግቡን ብረት ተደግፎ ቆመ፤ ከዚያም ቦታውን ሊይዝ ወደ ተቃራኒው ግብ መራመድ ጀመረ።

መምህሩ ደረሱ፤ አልዘገዩም፣ ይህ ይመስገንላቸው። ውሃው ፈሰሰ። ጉንጩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፤ ከዚያም ሦስት ጣት አቁመው «ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ «ሦስት» አለ፤ ደጋፊው አጨበጨበ። በ9ኛ ክፍል ሦስት ድረስ መቁጠር የቻለ ተማሪ አንጎሉ ደህና መሆኑን ለማረጋገጥ ሌላ ምን ያስፈልጋል? እርግጥ ሐኪሞች ኮንከሽን የሚሉት የአንጎል መናወጥ የሚያደበዝዘው በአብዛኛው የቅርብ ጊዜን ትዝታና ትኩረትን እንጂ ከአንደኛ ክፍል የተጠናውን ቁጥር አይደለም። ስለዚህም በስፖርት ሕክምና የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፤ ያለነው በየትኛው ሜዳ ነው፣ አሁን ስንተኛው አጋማሽ ነው፣ የመጨረሻውን ግብ ያገባው ማን ነው፣ ያለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወትን፣ አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን? ከእነዚህ አንዱን መሳት ከሜዳ ለማስወጣት ይበቃል፤ ሁሉንም መመለስ ግን ልጁን ወደ ሜዳ አያስመልስም፣ ምክንያቱም ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ለቸኮለ ሰው ረጅም ነው። ጣት ሁልጊዜ ከእጅ ላይ አለ።

«ራሱን አልሳተም እኮ!» ሲሉም ሰማኋቸው። እውነታቸውን ነው፤ አልሳተም። አብዛኞቹ የአንጎል መናወጦች ራስን ሳያስቱ የሚያልፉ ናቸው፤ የሚታወቁትም በሌላ ነው፦ ከወደቀበት ቀስ ብሎ መነሣት፣ መንገዳገድ፣ ባዶ እይታ፣ አቅጣጫ መሳት፣ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ። ልጁ ከተመለሰ በኋላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ ግብ ጠባቂውን ሲጠይቅ መምህሩ በኩራት ወደ እኛ ዞር አሉና «ለውጤት እንዴት እንደሚጨነቅ ታያላችሁ?» አሉ።

«ደህና ነህ?» ሲባልም «ደህና ነኝ» ብሎ ነበር። በቅኔ ሀገር የሚያስተምሩ ሰው የዚህን ቃል ሰም ብቻ ይዘው መቅረታቸው ትሕትና ይመስለኛል። የ15 ዓመት ልጅ በደጋፊ ፊት «ደህና ነኝ» ሲል ሰሙ ጤና ነው፣ ወርቁ «አታስወጡኝ» ነው። ስለዚህ የማስወጣቱ ውሳኔ የልጁ አይደለም፤ ጥርጣሬ ብቻ ይበቃል፣ የወጣም በዚያው ቀን አይመለስም፣ ቅያሪ ቢያልቅ እንኳ በአሥር ሰው ይጨረሳል። የተናወጠ አንጎል ሳያገግም ሌላ ምት ሲያርፍበት ማገገሙ ይረዝማል፤ አልፎ አልፎም፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ በፍጥነት አብጦ ይገድላል። መምህሩ ግን በአሥር ሰው መጫወትን አልፈቀዱም፤ ልጁም እስከ ፊሽካው ድረስ ሁለት ተጨማሪ ኳሶችን በቴስታ አወጣ።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ለቤተሰቡ ያደረጉትን ነው። ምንም አላደረጉም። አባትየው የሚኖሩት ከከተማው ሦስት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ ስለ ሆነ «ለትንሽ ነገር ማስደንገጥ ነውር ነው» ተባለ። ልጁ እንደ ብዙ የገጠር ተማሪዎች ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ እናቱ የምትልክለትን ስንቅ እየበላ የሚማር ነው፤ ማታ የሚያየው ዐዋቂ የለም። ምሽቱ ደግሞ ዋናው ነገር ነበር፤ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም የሚፈስሰው ሰው ለጥቂት ሰዓታት ደህና መስሎ፣ እየተጫወተና እየሳቀ ቆይቶ ሊዘቅጥ ይችላልና። ግጭቱን ያየው ሰው ራሱ በዚያው ቀን ስልክ ደውሎ በስንት ሰዓት፣ እንዴት እንደ ተመታና ምን እንዳየበት ቢናገር፣ ይህንኑ በወረቀት ጽፎ ለጓደኞቹና ለአከራይዋ ቢሰጥ አንዲት ወረቀት ብቻ ነው የሚፈጀው። የሚጻፈውም ብዙ አይደለም፤ ብቻውን እንዳያድር፣ ጠላም አረቄም እንዳይቀምስ፣ መተኛት ቢችልም የሚከታተለው ሰው እንዲኖር፤ ደጋግሞ ቢያስመልስ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ቢሄድ፣ አልነቃ ቢል፣ ቢንቀጠቀጥ፣ ነገር እየተምታታበት ቢሄድ ወይም አንድ እጁ ቢዝል ሳይነጋ ወደ ሆስፒታል።

ወረቀቱ ስላልነበረ የ14 ዓመቱ ጓደኛው በራሱ ጭንቅላት ሠራ። ልጁ ሌሊት ሦስተኛ ጊዜ ሲያስመልስ የአከራይዋን በር ደበደበ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ጣል አድርገው ባጃጅ የሚነዳ የጎረቤት ልጅ ቀሰቀሱ። ሆስፒታል ተመረመረ፣ ደም አለመፍሰሱ ታወቀ፣ ሁለት ቀን አርፎ በመጀመሪያ ወደ ክፍል፣ ምልክቱ ሲጠፋ ደግሞ በሐኪም ፈቃድ ቀስ በቀስ ወደ ሩጫና በመጨረሻ ወደ ግጥሚያ እንዲመለስ ተነገረው። እናቱ የሰማችው ቅዳሜ ዳቦ ይዛ ገበያ ስትመጣ፣ ከአከራይዋ አፍ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ መምህሩ ልጁን ከሰልፉ አስጠርተው «ግንባሩን ለክፍሉ የሰጠ» ብለው የምስክር ወረቀት ሸለሙት። ተጨበጨበ። ልጁ ወረቀቱን ከፀሐይ ዐይኑን ለመከለል ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ሰልፉ ተመለሰና አጠገቡ የቆመውን ጓደኛውን በቀስታ ጠየቀው፦

«ስንት ለስንት ወጣን?»