ካፕሽን የፖስት ቁራጭ አይደለም

«ለሊንክድኢን ረጅሙን ጻፊና ለቲክቶክ የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ቆርጠሽ ለጥፊ፣ ያው መልእክት አይደል?»

አይ፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሳሳተው። በቡና ላሳይህ፣ መልእክታችን «የተቆላበት ቀን ከረጢቱ ላይ አለ» ነው እንበል። ሊንክድኢን ላይ እስከ 3000 ፊደል ይፈቀዳል፣ የሚያነበው የካፌ ባለቤት ስለሆነ ደግሞ ምክንያቱን ይፈልጋል፣ ቡና ከተቆላ በኋላ ለቀናት ጋዝ ያወጣል ከዛ ሽታው እየደከመ ይሄዳል፣ ቀኑን ካላወቀ ስንት ኪሎ እንደሚያዝዝ በምን ያውቃል? ግን ሳይከፈት የሚታየው ጥቂት መስመር ብቻ ስለሆነ ቀኑ እዛ ይግባ፣ «በደስታ እንገልጻለን» ብለህ ከጀመርክ ማን ይከፍተዋል። ቲክቶክ ላይ ግን ቀኑን ካሜራው አሳይቶታል፣ ካፕሽኑ ያንኑ ከደገመ ባክኗል፣ «ማክሰኞ የተቆላ ነው፣ ያንተስ ቡና መቼ ተቆላ?» በቃ። ቪዲዮውን ሳታይ ካፕሽኑን ብቻ አንብበው፣ ምንም ካልጎደለህ ቪዲዮውን እየደገመ ነው።