ቁጥር 4፦ ልጆች

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወዳጄ፣ ሁለት ጊዜ ብቻ ላገኘችው ሰው ልትልከው ያሰበችውን መልእክት «እስኪ ቋንቋውን አስተካክልልኝ» ብላ ላከችልኝ። ቋንቋው ምንም አልጎደለውም፤ ያስደነገጠኝ ቅርጹ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ተራ ቁጥር ይጀምራል። ቁጥር 1 ሃይማኖት፣ ቁጥር 2 የመኖሪያ ቦታ፣ ቁጥር 3 የገንዘብ አያያዝ ይልና ቁጥር 4 ላይ ልጆች ይመጣሉ፤ በእነሱም ሥር «ሀ» ብዛት፣ «ለ» ጊዜ፣ «ሐ» ቅድመ ሁኔታ ተደርድረዋል። ማሳረጊያው «ሐሳብህን እስከ ዓርብ ብታሳውቀኝ ደስ ይለኛል» የሚል ነው። ማኅተምና «ግልባጭ ለሚመለከታቸው ሁሉ» የሚል መስመር ቢጨመርበት ኖሮ መዝገብ ቤት ተቀብሎ ቁጥር ይሰጠው ነበር።

ሆኖም ልስቅባት አልቻልኩም፤ ምክንያቷን አውቃለሁና። ከዚህ በፊት አብራው የነበረችው ሰው የልጅ ነገር በተነሣ ቁጥር «እናያለን» እያለ ዓመታት አሳለፈና፣ በመጨረሻ ከመጀመሪያውም ልጅ እንደማይፈልግ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰው ሳትመረምር ላለማለፍ ምላለች። ፍርሃቷ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው በቁጥር 4 ሥር ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ጥያቄዎችን በአንድነት ማሰሯ ነው። ልጅ መፈለግና አለመፈለግ አንድ ነገር ነው፤ መቼና ስንት የሚለው ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው መሀል ቦታ የለውም፤ አንዱ አንድ ልጅ ፈልጎ ሌላው ጨርሶ ባይፈልግ፣ ግማሽ ልጅ ተብሎ የሚታረቁበት ነጥብ አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ላይ መደራደር አይቻልም፤ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚቻለው። መቼ የሚለው ግን ሥራን፣ ጤናን፣ ቤትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰውየውን ማንነት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ገና ስሙን ለምትለማመደው ሰው የሚቀርብ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን ተረት ላንሣ፤ «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። ይህን አባባል ለዕድሜ ልክ ጠበቃዬ አድርጌ ይዤዋለሁ። ስብሰባ ላይ አድኖኛል፤ ጎረቤቶች ሲጣሉ ምስክር ከመሆን አድኖኛል፤ የማላውቀውን ነገር አውቃለሁ ብዬ ከመናገር ሳይቀር ብዙ ጊዜ ጠብቆኛል። እህሉ ሲነቅዝ፣ እንጨቱ ሲነቅዝ፣ ዝምታ ብቻ ሳይነካ መቅረቱን ያስተዋለ ሰው ምንኛ ብልህ ነበር! ነገር ግን ያ ብልህ ሰው በልጅ ጉዳይ ላይ ዝም ያለ ፍቅረኛ አላጋጠመውም መሰለኝ። በዚህ ጉዳይ ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም ከውስጥ ስለሆነ ከውጭ ሲታይ ለዓመታት ጤነኛ ይመስላል። «እናያለን» ማለት ደግሞ ያው ዝምታ ነው፤ ልዩነቱ ድምፅ ማውጣቱ ብቻ ነው። ምን እንደሚያይ፣ መቼ እንደሚያይ፣ ካየስ በኋላ ምን እንደሚወስን የማይናገር ሰው ማየት አልጀመረም።

ለመሆኑ ይህ ጥያቄ ሲነሣ ለምን እንዲህ ይከብዳል? ተጠያቂዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ቂምም ይዤባቸዋለሁ። ገና በተሞሸሩ ሰዎች ላይ «መቼ ነው የምታሳዩን?» እያሉ የሚዘምቱ ዘመዶች ናቸው። ሰላምታ ሳይጨርሱ ሆድ ሆድ ያያሉ። መልስ ቢያጡ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለው ያጽናናሉ፤ ዕድሉ ግን ሌሊት ተነሥቶ ጡጦ ሲያዘጋጅ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ሲከፍል እስካሁን ያየ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። በዘመድ የተሞላ ክፍል ውስጥ «መቼ ነው?» ብሎ የሚጮህ ሰው ከዚያ አንዱን የመምታት ዕድሉ ጠባብ አይደለም፤ ጠያቂው ግን ቁስል መንካቱን ሳያውቅ ወደ ሌላው ጥንድ ይሄዳል። እናም እነዚህ ሰዎች ጥያቄውን ሳይመለከታቸው፣ በማይሆን ሰዓት፣ ደጋግመው ስላቀረቡት፣ በእርግጥ የሚመለከተው ሰው በጨዋነት ሲጠይቀን እንኳ የአክስታችንን ድምፅ እንሰማለን። ሲጠይቁን እንሸሻለን፤ ሲሸሹን ደግሞ እንደ ወዳጄ መጠይቅ እናዘጋጃለን።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ዕድሜዋ 34 ነው፤ ሁለት ልጆች ትፈልጋለች፤ ቢቻል ሁለተኛው 40 ዓመት ሳይሞላት እንዲወለድ። ይህን «ሀ» እና «ለ» ብላ ለሰውየው ከምታቀርብለት፣ ራሷ ብቻዋን ተቀምጣ ብታሰላው ይሻል ነበር፤ ሒሳቡም ከባድ አይደለም። ለማርገዝ እስከ 12 ወር መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ሐኪሞችም የመውለድ ችግር አለ የሚሉት ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክረው ፅንስ ሲያጡ ነው፤ ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት ግን 6 ወር ሞክራ እንድትታይ ይመክራሉ። እርግዝናው 9 ወር ነው። አንድ ልጅ ከተወለደ በኋላ ለሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር መቆየት የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። ከዚያ እንደገና 12 እና 9። ሲደመር 66 ወር፣ ማለትም 5 ዓመት ተኩል ይሆናል። 34 ላይ 5 ተኩል ሲጨመር 39 ተኩል ነው። አንድ ልጅ ብቻ ብትፈልግ ግን 12 እና 9 ተደምሮ 21 ወር ስለሚበቃት፣ በዚያው ገደብ ውስጥ ከ4 ዓመት በላይ ትርፍ ጊዜ ይኖራታል።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ቁም ነገር፣ የሚያጣድፋት ዕድሜዋ ብቻ ሳይሆን የምትፈልገው ብዛትም መሆኑ ነው። ሁለት ልጅ መፈለጓ የሕይወቷ ምሰሶ ከሆነ፣ «እናያለን» የሚል ሰው ላይ አንድ ዓመት ማጥፋት አትችልም፤ አንዱም ይበቃኛል ካለች ደግሞ እስከ ዓርብ የሚባል ቀነ ገደብ አያስፈልጋትም። እርግጥ 40 ዓመት ግድግዳ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ የሚወልዱ አሉ፤ ነገር ግን የማርገዝ ዕድል ከ30ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍጥነት እንደሚቀንስ፣ የፅንስ መጨንገፍ አደጋም እንደሚጨምር የታወቀ ነው። እንቁላል በሕክምና አቀዝቅዞ ማስቀመጥም ዕድልን ማቆያ እንጂ ዋስትና አይደለም። ይህ ሁሉ ግን የእሷ ሒሳብ ነው። ሰውየው ፊት የሚቀርበው ውጤቱ እንጂ ደብተሩ አይደለም።

ውጤቱም ስለ ራስ የሚነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለወዳጄ ከላክሁላት ማስተካከያ ውስጥ የተረፈው ይኸው ነበር፦ «እኔ ልጆች እንዲኖሩኝ እፈልጋለሁ፤ ይህ የሚለወጥ አይመስለኝም፤ ዛሬ መልስ እንድትሰጠኝ ሳይሆን እንድታውቀው ነው የነገርኩህ።» ቁጥር የለውም፤ ዓመት የለውም፤ «አንተና እኔ» የሚልም የለውም። ይህ የመጨረሻው ዋና ነው፤ «ልጅ እፈልጋለሁ» የሚለው ስለ ተናጋሪው መረጃ ሲሆን፣ «ከአንተ ልጅ እፈልጋለሁ» የሚለው ግን በሁለተኛው ቀጠሮ ሰውን በር በሩን ያሳያል። ቦታውም ወሬው ራሱ ወደ ቤተሰብ ሲዞር ነው፤ ስለ ወንድሞቹ፣ ስለ አስተዳደጉ ሲያወራ አጠገቡ ጣል ይደረጋል። ሁለተኛም ሆነ ሦስተኛ ቀጠሮ ይሁን፣ ልብ ሳይጠፋ መሆን አለበት። ልብ ከጠፋ በኋላማ የማይፈልገውን ሰው ሁሉ «ይለወጣል» እያልን መተርጎም እንጀምራለን።

ከተናገሩ በኋላ ዝም ማለት ይገባል፤ ለተረቴ ክብር የሚሰጠው ዝምታ እዚህ ላይ ነው። ሰውየው «እኔ አልፈልግም» ካለ፣ ያለውን ማመን ነው፤ ማስረዳት፣ ማባበል፣ የወንድምን ልጅ ፎቶ ማሳየት አያስፈልግም። «አላውቅም» ካለ ግን ቶሎ አይፈረድበት፤ በእውነት የማያውቅ ሰው ስለምን እንደሚያመነታ ሲጠየቅ ነገር አለው፤ ገንዘብ ይላል፣ ያደገበትን ቤት ይጠቅሳል፣ የሕመም ታሪክ ያነሣል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ቀልድ የሚያመጣና ወሬ የሚለውጥ ሰው ያውቃል፤ ማወቁን መናገር ነው ያልፈለገው። አንዳንዱ ወንድ ደግሞ ጊዜ የሚያልፈው በሴት ላይ ብቻ ይመስል ተደላድሎ ይጠብቃል። የወንድ ዘርም በዕድሜ እንደሚዳከም ማንም አልነገረውም፤ ቢነገረውም እንኳ በእሱ መጠበቅ የሚቃጠለው የሌላ ሰው ዓመት መሆኑ ደንታ አይሰጠውም። ይህን አጥብቄ እጠላዋለሁ፤ ስለ ጨዋነት ብዬም አላለሳልሰውም።

ነገሩ ወደ ድርድር መንሸራተቱ የሚታወቀው ቁጥር በቁጥር ሲመለስ ነው። አንዷ «አራት» ትላለች፤ ሌላው «ኧረ አንድም ይበዛል» ይላል፤ እንደ ገበያ ዋጋ ይጎተትና «ሁለት ተኩል አይባልም እንጂ…» ተብሎ ሁለት ላይ ይዘጋል። አራት የፈለገችው የተቀነሰባት፣ አንድ ያልፈለገው የተጫነበት ይመስላቸዋል፤ ገና ያልተወለደው ሁለተኛ ልጅ ደግሞ የማንም ምርጫ ሳይሆን የስምምነት ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ቁጥር ሲጀመር ማቆም የሚቻለው «ለምን አራት?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ብቻዬን ስላደግሁ የምትል ሴት አራት ልጅ ሳይሆን ብቸኛ ያልሆነ ልጅ ነው የፈለገችው፤ ለዚያ ደግሞ መንገዱ ብዙ ነው።

ጊዜው ግን ይቆይ። የቤት ኪራይ በጋራ ለመክፈል፣ ከተማ ለመቀየር ወይም ለመጋባት ማውራት የጀመሩ ሰዎች ያን የ66 ወር ደብተር አብረው ይክፈቱት፤ ያኔ መደራደር ነውር አይሆንም፣ እንዲያውም ግዴታ ነው፤ ማን ሥራ እንደሚያቆም፣ ማን ሌሊት እንደሚነሣ ያልተደራደረ ሰው በኋላ በጩኸት ይደራደራል። በተረፈ ቁጥር 1፣ 2 እና 3ን በተመለከተ ወዳጄ ምንም እንድሰርዝ አልፈቀደችልኝም፤ ስለ ገንዘብ አያያዙ ሰውየው እስከ ዓርብ ምላሽ መስጠት አለበት።