እኩል አራሹ የፕሮጀክት ኦፊሰር

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መንግሥታዊ ባልሆነ የልማት ድርጅት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ እናቴ ግን ሥራ እንደያዝሁ እስከ ዛሬ አታምንም። እርሷ የምታውቀው እንጀራ ወይ የመሬት ነው ወይ የመንግሥት። ባለፈው ፋሲካ ደጀን ሄጄ አራተኛው ፕሮጀክቴ በሰኔ እንደሚዘጋ ስነግራት የዶሮውን ወጥ እያማሰለች ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያ አንተ እኩል አራሽ ነህ በለኛ፤ ባለመሬቱ መሬቴን አምጣ ሲል በሬህን ፈትተህ የምትሄድ» አለችኝ። ልከራከራት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እኩል አራሽ ቢያንስ ከምርቱ እኩሌታው እንደሚደርሰው፣ እኔ ግን ከሪፖርቱ በቀር የምካፈለው እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ዝም ብዬ ዶሮዬን በላሁ።

የሦስት ዓመት ፕሮጀክት በወረቀት ላይ ሠላሳ ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከክልል ቢሮዎች ጋር ስምምነት ለመፈራረም፣ ሠራተኛ ለመቅጠር፣ መኪና ለመግዛትና ባሕር ዳር ላይ በአንድ ጥሩ ሆቴል የማስጀመሪያ ዐውደ ጥናት ለማካሄድ ይውላሉ። የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ ለግምገማ፣ ለንብረት ርክክብና ለመዝጊያ ዐውደ ጥናት ናቸው፤ እርሱም እዚያው ሆቴል ነው። በመካከል ከቀሩት ሃያ አራት ወራት ላይ መኪናው ቀበሌ የማይገባበት ሁለት ክረምት ይቀነሳል፤ መንገድ የተዘጋበትን ጊዜ የቆጠረ ሰው ደግሞ ጣቱ ያልቅበታል። እንግዲህ ገንዘቡ ሳያልቅ ጊዜው ያልቃል። ያልተሠራበት በጀት ለሰጪው ይመለሳል፤ የመለሰ ድርጅት ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ ሥራ እንደማይችል ይቆጠራል። ስለዚህ በመጨረሻው ሩብ ዓመት ሁላችንም ሥልጠና ላይ ነን።

አምና ሰኔ ውስጥ በአንድ ቀበሌ አዳራሽ ስለ ኮምፖስት አዘገጃጀት ሳስተምር፣ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ይኸን ነገር በዚህ ሳምንት ስትነግረን ሦስተኛህ ነው፤ መሬቱ ደግሞ ለእርሻ ይጠብቀናል። አበሉን ስጠንና እንሂድ፤ ኮምፖስቱን ሲመችህ መጥተህ እኛ እናሳይሃለን» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በሪፖርቴ ላይ «ተሳታፊዎች ያገኙትን ዕውቀት ለሌሎች ለማካፈል ከፍተኛ ፍላጎት አሳይተዋል» ብዬ ጻፍሁ። ውሸት ነው የሚለኝ ካለ ሽማግሌውን ይጠይቅ።

ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ይህ ችሎታ ከሌላ ቦታ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ሥራ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው ከዋና መሥሪያ ቤት የሚመጣን ደብዳቤ ሰሙን ትቶ ወርቁን የሚያወጣ ሰው ነው። «የወጪ ጭማሪ የሌለው ማራዘሚያ ተፈቅዷል» ሲባል ሰሙ ተጨማሪ ስድስት ወር ነው፤ ወርቁ ግን የቀረው ገንዘብ ለእነዚያ ስድስት ወራት የሁለት ሰው ደመወዝ ስለማይሆን አንዱ ተርፎ ሌላው ይሸኛል ማለት ነው። «የስኬት ታሪክ ሰብስቡ» የሚል መልእክት ካሜራ ከያዘ አማካሪ ጋር ሲመጣ ደግሞ ሰዎቹ ለመለያያ ፎቶ እየተዘጋጁ ናቸው። ከሁሉም የማያሳስተው ምልክት ግን ከሾፌሩ ይገኛል፤ የመኪናው ጎማ አልቆ ለመግዛት ሲጠይቅ «ትንሽ ጠብቅ» ከተባለ፣ መኪናውን የሚረከበው ቢሮ ታውቋል ማለት ነውና የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን አስጽፉ።

ለዚህ ሁሉ የሚያጽናናው ደመወዙ ነው፤ ከመንግሥት ሠራተኛው ጓደኛዬ ደመወዝ ጋር ሲተያይ ጥሩ የሚባል ነው፤ ዘመዶቼም ይህን አብጠርጥረው ያውቃሉ። የማያውቁት ዓመቶቹ እንደማይደመሩ ነው። እኔም ያወቅሁት የሒሳብ ሠራተኛችን በአንድ የቡና ሰዓት በወረቀት ላይ አስልቶ ካሳየኝ በኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያኑ ሲሶ ያስከፍላል፤ ድምሩ ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም፤ ቅነሳ ስለሆነም በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በወር 24,000 ብር የሚያገኝ ሰው አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ቋሚ ውል ቢሠራና ቢቀነስ፣ 24,000 ብርና አሥራ አንድ ጊዜ 8,000 ብር፣ በዚያም ላይ የ60 ቀኑን 48,000 ብር፣ በድምሩ 160,000 ብር ይዞ ይወጣል። የእኔ አሥራ ሁለት ዓመት ግን አራት የተወሰነ ጊዜ ውል ነው። እንዲህ ያለ ውል ጊዜው ሲደርስ በራሱ ያበቃል፤ ማንም አላሰናበተኝም፣ ቀኑ ነው ያለቀው። ድርጅቱ በራሱ መመሪያ ካልጨመረልኝ በቀር የምይዘው አራት የሥራ ልምድ ደብዳቤና የመዝጊያ ዐውደ ጥናቱን ቦርሳ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ይህን ነግሮኝ ቡናዬን ራሱ ከፈለልኝ፤ ከዚያ በፊት ከፍሎ አያውቅም ነበር።

እርሱም ቢሆን የራሱ ጭንቀት አለው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ገቢ ከ20 በመቶ ማለፍ ስለማይችል፣ ገንዘብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚታየው ከአስተዳደር በኩል የተመዘገበው ሰው ነው። ሾፌራችን ይህን ከሰማ ወዲህ ባንክ ሲላክ እንኳ በመንገዱ አንድ ቀበሌ ነክቶ ይመለሳል።

ጡረታው ደግሞ በተነገረ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። ከደመወዜ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ዓመቶቹም ከድርጅት ወደ ድርጅት ይደመራሉ፤ ይህ ጥሩ ነው። ክፉው ነገር በሁለት ፕሮጀክቶች መካከል ያለው ባዶ ጊዜ ነው። እኔ አንዴ አምስት ወር፣ አንዴ ስምንት ወር ቤቴ ተቀምጫለሁ፤ ለጎረቤት «ፈቃድ ላይ ነኝ»፣ ለአማቴ ደግሞ «ከቤት ነው የምሠራው» እያልሁ። በእነዚያ ወራት ቁጠባዬ ተበላ፤ ባንክ ከፕሮጀክቱ ዕድሜ የረዘመ ብድር አይሰጠኝምና ቤት መሥራቱም አልሆነልኝም። ከመንግሥት ሠራተኛው ጓደኛዬ የሚበልጠው ደመወዜ በእነዚህ ክፍተቶች ተከፋፍሎ ሲሰላ ከእርሱ ደመወዝ ብዙም የራቀ አይደለም፤ ይህን ግን ለአማቴ አልነገርኳትም።

ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በቃና ዘገሊላ ዕለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ማዘዛቸው ሲሰማ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጥምቀትን ሲያጅቡ የነበሩ አንዳንድ ባልደረቦቼ በዚያው ወር ላፕቶፕ መልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ቦታ የሚያመለክተው ሰው እንደ አንበጣ መንጋ ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ስሄድ ከቀረቡት መካከል አንዱ የድሮ አለቃዬ ነበሩ፤ ተቃቅፈን፣ መልካም ዕድል ተመኛኝተን፣ እያንዳንዳችን ሌላው እንዲወድቅ በልባችን ጸለይን።

እኔ አለፍሁ። የአዲሱ ፕሮጀክት ርዕስ «ዘላቂ መተዳደሪያ ለወጣቶች» ነው፤ ሥራዬ ወጣቶች በአንድ የገቢ ምንጭ ብቻ እንዳይንጠለጠሉ ማሠልጠን ሲሆን፣ ውሌ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የአሥራ አንድ ወር ነው፤ «እንደ አፈጻጸሙ ሊታደስ ይችላል» የሚል መስመርም አለው። ደስ ብሎኝ ለእናቴ ደወልሁ።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

«በግንቦት መጨረሻ።»

«ደግ ነው» አለች፤ «ለእርሻው ትደርስልኛለህ።»