«በማግስቱ ካላመመህ አልሠራህም» ለሚለው እርማት

«ሳምንቱ ነፃ ከሆነ ሰባቱንም ቀን ጂም መግባት ነው። በማግስቱ ካላመመህ ግን አልሠራህም፤ ጡንቻ የሚያድገው በሕመም ነው።»

ሐሳቡ ከቅንነት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም። የማግስቱ ሕመም የሚናገረው ሰውነት ያልለመደውን ነገር መሥራቱን ነው። በደንብ መሥራቱን አይናገርም።

ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ካልለመዳችሁ ሰኞ ያለ ምንም ክብደት 10 ጊዜ ስኳት፣ ማለትም ቁጭ ብድግ፣ ሥሩ፤ ትንሽ አርፋችሁ አንዴ ድገሙት። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በ1 እና በ3 ቀን መካከል ይበረታል። ረቡዕ ካዛንቺስ ከታክሲ ስትወርዱ ጭናችሁ ያዝ ሊያደርጋችሁ ይችላል፤ ከደረጃ መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል። አርብ ያንኑ ስኳት ድገሙ። ሥራው ያው ነው፣ ሕመሙ ግን በጣም ይቀንሳል። ሕመም መለኪያ ቢሆን ኖሮ የአርቡ ሥራ ከንቱ ነበር ማለት ነው። ግን አይደለም፤ ጡንቻው ስለለመደ ነው።

ይህን የምጽፈው ጂም ገብተው የማያውቁ ሰዎች ሕመም ፍለጋ የመጀመሪያ ቀን ከአቅማቸው በላይ ስለሚሠሩ ነው። አራተኛው ቀን ላይ እጃቸውን መዘርጋት አቅቷቸው ይቀራሉ። ለጀማሪ ከሰባቱ ቀን ሦስቱ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ፣ ይበቃሉ። በመሃል ያለው ቀን ለእረፍት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻችሁ ካበጠና ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ «ይለቀኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።