እርማት፦ ከጅማ ተነስቶ በዚያው ቀን በባቡር ድሬዳዋ

«ከጅማ በሌሊት አውቶቡስ ይዘን አዲስ አበባ እንገባለን። ከዚያ ለገሃር ባቡር ተሳፍረን ማታውኑ ድሬዳዋ ነን። አውሮፕላን ምን ያደርጋል?»

ወንድሜ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚያስበው ነው፤ ግን አይሆንም። ለገሃር የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። ከ2010 ጀምሮ መንገደኛ የሚጭነው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ዋናው ችግር ግን ሰዓቱ ነው። ባቡሩ የሚነሳው ጠዋት ነው። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ንጋት ላይ የወጣ አውቶቡስ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ማደር ግድ ነው። የአልጋና የእራቱን ብር ከባቡሩ ቲኬት ጋር ደምረህ አስላው።

በአውሮፕላን ከሆነ ከጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ከአባ ሰጉድ ቦሌ፣ ከቦሌ ድሬዳዋ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በረራዎቹ ከገጠሙ ቀን ሳለ ትደርሳለህ። ሁለቱን በአንድ ቲኬት ቁረጥ፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩን የሚያስተካክልልህ አየር መንገዱ ነው።

ባቡሩን ከመረጥክ፣ በየቀኑ ስለማይሄድ ቀኑን ቀድመህ አጣራ። አውቶቡሱም በሰበታ በኩል ስለሚገባ መርካቶ ድረስ አትሂድ። ዓለም ገና አካባቢ ወርደህ ለቡ አጠገብ እደር።