ደህና ሁኚ ሀገሬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋ ላይ

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ፎቶ ሁሌም አንድ ነው። ቦሌ፣ ማታ፣ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን የምትጠርግ እናት። ፎቶው ችግር የለበትም። ጣጣው ከሥሩ የሚጻፈው ነው። ሁለት መስመር ውስጥ ደስታውም ሆድ መባሱም መግባት አለበት። ደስታው ከበዛ «ሀገሩን ናቀ» ይባላል። ሆድ መባሱ ከበዛ ደግሞ «ታዲያ ማን ሂድ አለው?» የሚል አይጠፋም።

ዲቪ የደረሰው የአክስቴ ልጅ ሊሄድ ሲል ጽሑፉን እንዳይለት ጠራኝ። ስደርስ ቤቱ ሙሉ ነው። መሬት ላይ ሻንጣ ተከፍቶ በርበሬና ሽሮ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሚፈቀደው 23፣ 23 ኪሎ የሆነ ሁለት ሻንጣ ነው። ዘመድ ሁሉ ደግሞ «ይቺን ብቻ» እያለ ይገባል።

የመጀመሪያው ረቂቅ «በመጨረሻም ተገላገልኩ!» ይላል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ሐቀኛው እሱ ነበር። ይህ ልጅ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ የታክሲ ሰልፍ በረዘመ ቁጥር «ይሄ አገር አይኖርበትም» ሲል ነው ያደገው። አክስቴ ግን ከጓዳ ሰማች።

«ከማን ነው የተገላገልከው? ከኔ?»

ተሰረዘ።

ሁለተኛው በተቃራኒው ጥግ ወጣ። «እምዬ ሀገሬ፣ የማለዳ ሰልፍሽ፣ የሻማ ብርሃንሽ ከዓይኔ አይጠፋም» ይላል። ቪዛ ከተመታ በኋላ የታክሲ ሰልፍም ቅርስ ይሆናል ማለት ነው። ታናሽ እህቱ አንብባ ስትጨርስ «ፍራሽ እናንጥፍ እንዴ?» አለች። እሱም ተሰረዘ።

ሦስተኛውን እኔ ጻፍኩት። «ሀገሬ፣ ብዙ ሰጥተሽኛል። ዕዳሽ አለብኝ። በልቤ ይዤሽ እሄዳለሁ።» ሁሉም ወደደው፣ ከአጎቱ ከጋሼ በቀር። ጋሼ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጥግ ይዘው ጠላቸውን እየጠጡ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር።

«ዕዳ የሚለው ይውጣ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ የሰፈሩን ዕቁብ ገና ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በአንዱ ወስዷል። የአውሮፕላን ቲኬቱ የተቆረጠው በእሱ ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው ደግሞ ብሩን ይዞ እንዳይሰወር ዋስ ይጠራል። ዋሱ ጋሼ ናቸው። «ከዚያ ሆኜ እልካለሁ ብሎኛል፣ አምነዋለሁ» አሉ። «ግን ዕዳ ብሎ ራሱ ጽፎ ሰው ምን ያስታውሳል?»

ዕዳው ወጣ። «በልቤ» የሚለውም ለጥቂት ተረፈ። እህቱ ሚዛኑን እያየች «46 ኪሎ በልብ?» ብላ ነበር።

ቀጥሎ መቼ ይለጠፍ የሚለው መጣ። እዚህ ላይ የአክስቴ ሕግ አይሻርም። ቪዛው እስኪመታ ዝም። ከተመታም በኋላ ዝም። አውሮፕላኑ ተነስቶም ዝም፤ ከሰማይ የሚያወርድ የሰው ዓይን አለ ባይ ናት። ማኅተሙ ደለስ አየር ማረፊያ ሲመታ ያኔ ይፈቀዳል። ስለዚህ «ደህና ሁኚ ሀገሬ» የተለጠፈው ልጁ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመዱ ቤት ሶፋ ላይ አንድ እንቅልፍ ተኝቶ ከተነሳ በኋላ ነው። ሰው «በሰላም ግባ» እያለ ይመርቀዋል። እሱ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ከሠፈሩ የሐበሻ ሱቅ በመጣ እንጀራ እየጎረሰ «አሜን» ይላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ሀገር ቤትን መናፈቅ ራሱ ትንሽ ጥረት ይጠይቃል። ካፌ ብትገባ አማርኛ፣ ታክሲ ብትይዝ አማርኛ።

እውነተኛው ሆድ መባስ የመጣው በሌላ በኩል ነው። አክስቴ ቋንጣ በጋቢ ጠቅልላ ሻንጣው ሥር ከትታ ነበር። አሜሪካ ሥጋ ይዞ መግባት እንደማይቻል ነግረናታል። «ደርቋል እኮ! ይሄ ሥጋ ነው?» ብላ ዘጋችን። ጉምሩኮቹ ግን ሥጋ ነው አሉ፣ ወሰዱት። ልጁ ከዚያ ደውሎ «እማዬ፣ ቋንጣዬን...» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተንሰቀሰቀ። ያን ያህል ጽሑፍ ስናርም ማንም ቋንጣን አላሰበም።

ጽሑፉ ግን ተሳካለት። ልቡ፣ አበባው፣ ባንዲራው ጎረፈ። የቀድሞ እጮኛው ሳትቀር «መልካም ዕድል» ብላለች፤ ነጥቧን ግን አጥብቃ ነው ያስቀመጠችው። ከዚያ የዕቁቡ ዳኛ መጡ።

«ወንድማችን፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። ከአሁኑ ናፍቀኸናል። በተለይ እሑድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ። ጋሼም ሰላም ብለውሃል፤ አጠገቤ ናቸው።»