ሹፈቱ ከልማዱ አልፎ ሰውዬው ላይ ሲደርስ

ከአዲስ አበባ ዳር ባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ ኮዬ ፈጬ በሉት ቱሉ ዲምቱ፣ የባልና ሚስት ተረብ ግማሹ የሚሽከረከረው በጀሪካን ዙሪያ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ሰው በተኛበት ሰዓት ነው። ማን ነቅቶ ቀዳ፣ ማን ቧንቧውን ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው፣ ማን የተቀዳውን በአንድ ሻወር ጨረሰው፤ የጨዋታው ርዕስ ሁሌም አለ። ጥያቄው ተረቡ መቼ የፍቅር፣ መቼ የንቀት እንደሚሆን ነው።

አንዲት ሚስት እንውሰድ። ውሃ ሲመጣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖቹን ሞልታ አይበቃትም። ድስቱን፣ ጆጉን፣ የቡና ፔርሙዙን ሳይቀር ትሞላለች። ባል ከእንቅልፉ ተነስቶ ኩሽና በር ላይ ቆሞ ያያታልና «ማንኪያዎቹስ? እነሱ ምን አጠፉ?» ይላታል። እሷም «ነገ ጠዋት ስትታጠብ አወራሃለሁ» ብላ ጆጉን ታቀብለዋለች። ይህ የፍቅር ተረብ ነው። የተነካው ልማዷ ብቻ ነው፤ ማንኪያ ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅም ሰው ስለሌለ ግነቱ ራሱ «ቀልዴን ነው» ይላል፤ እሷም መልስ አላጣችም። ደግሞ ጆጉን ተቀብሎ ቦታው ያስቀመጠው እሱ ነው።

አሁን እሁድ ከሰዓት ይሁን። ቡና ተፈልቷል፣ ወንድሟና ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ስለ ውሃ ወሬ ተነሳ። ባል «ለእሷ እኮ ውሃ ብርቅ ነው፤ ቧንቧ ያየችው አዲስ አበባ ስትገባ አይደል» አለ። ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ፈገግ አለችና ፈንዲሻ ልታመጣ ተነሳች።

ርዕሱ ያው ውሃ ነው፤ ሳቅም አለ። ግን ቀልዱ ከጀሪካኑ ወጥቶ የትውልድ ቦታዋ ላይ አርፏል። ልማድ ይተዋል፣ ይሻሻላል፤ የተወለዱበትን ምን ይደረጋል? መልስ መስጠትም አትችልም። ብትመልስ በእንግዳ ፊት ባሏን አዋረደች ትባላለች፣ ብትቆጣ ቀልድ የማታውቅ ትሆናለች። ተሿፊው መመለሻ የሌለው ሹፈት ሲደጋገም ንቀት መጠርጠር አለበት።

ንቀት መቆሚያ ከፍታ ይፈልጋል፤ ከፍታው ግን እንደ አገሩ ይለያያል። እዚህ ከተሜነት ነው፣ ትምህርት ነው፣ የቤተሰብ ገንዘብ ነው፣ ቤቱ በማን ስም ነው የሚለው ነው። ውጭ አገር ባሉ የሐበሻ ቤቶች ደግሞ ከፍታው ቀድሞ መድረስ ነው። ባል ወይም ሚስት አስቀድሞ ሄዶ ሌላውን ያስመጣበት ቤት ውስጥ ሹፈቱ የሚያርፈው እንግሊዝኛ አነጋገር፣ መኪና መንዳት፣ ሱቅ ውስጥ ራስን በራስ የማስከፈያ ማሽን ፊት መደናገር ላይ ነው። «አሁንም ቦሌ ያለሽ መሰለሽ?» የሚለው ቀልድ በመጀመሪያው ወር ያስቃል። በሦስተኛው ዓመት፣ እሷ ሥራ ይዛ ግብር እየከፈለች፣ ያው ቀልድ ከተደገመ «አሁንም ከእኔ በታች ነሽ» የሚል ነው። አንድ ልዩነት ደግሞ አለ፦ እዚያ ሹፈቱ የሚወረወረው ብዙ ጊዜ ሁለቱ ብቻ በተቀመጡበት አፓርታማ ውስጥ ስለሆነ አይቶ የሚታዘብ የለም። እዚህ የሚታዘብ ሞልቷል፤ ታዛቢው ግን አብሮ ይስቃል። የቱ ይብሳል ቢባል የእሁዱ ይመስለኛል፤ የሰው ሳቅ ለሿፊው ማረጋገጫ ይሆንለታላ።

ንቀትን በትዳር ውስጥ በዝርዝር ካጠኑት መካከል አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ይገኛል። ባልና ሚስት የማይስማሙበትን ጉዳይ ሲነጋገሩ በካሜራ ቀርጾ፣ የፊታቸውንና የድምፃቸውን ለውጥ እየመዘገበ ለዓመታት ተከታትሏቸዋል። ከነቀፋ፣ ራስን ከመከላከልና ዝም ብሎ ጆሮ ከመንፈግ ይልቅ ፍቺን አስቀድሞ የሚጠቁመው ንቀት ሆኖ አገኘው፤ የሚያቆስል ሹፈትንና የሌላውን አነጋገር እያስመሰሉ መቀለድን ከዚያው ከንቀት መድቧቸዋል። ፊትም ይናገራል፦ የንቀት ፈገግታ አንዱን የከንፈር ጥግ ብቻ ወደ ላይ ይስባል፣ ዓይን አብሮ አይስቅም። አንድ ጊዜ ማየት ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ሰው ይደክመዋል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የመጣ ሰው ፊቱ ሌላ ነው።

በጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ደግሞ ሿፊው ብዙ ጊዜ ከተሿፊው ይልቅ ሹፈቱን ቀላል አድርጎ እንደሚያየው አሳይቷል። ምክንያቱ ሿፊው ሐሳቡን ከውስጥ ያውቀዋል፤ ተሿፊው የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ «በክፋት አይደለም» የሚለው ባል ሳይዋሽም ሊሆን ይችላል። ክፋቱን የሚለየው «ተው» ከተባለ በኋላ የሚያደርገው ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ። የእሁዱ ቀልድ ስር ብዙ ጊዜ ያልተነገረ ቅሬታ አለ። መተላለፊያው ላይ የተደረደረው ባልዲ ሌሊት ያደናቅፈዋል፤ ወለሉ እርጥብ ስለሆነ አንድ ቀን ተንሸራቶ ነበር። ያን ጊዜ «ባልዲው መንገድ ላይ ሲሆን ያደናቅፈኛል፣ ከሻወሩ ጀርባ እናድርገው» ቢል በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ትልቅ ሰው ስለ ባልዲ አያጉረመርምም ብሎ ዋጠው። የተዋጠው ቅሬታ ሲከርም ስለ ባልዲ መሆኑ ይቀርና «እሷ እንዲህ ዓይነት ሰው ናት» ወደሚል ይለወጣል፤ በእንግዳ ፊት የሚወጣው ይህኛው ነው። ስለዚህ ሿፊው ራሱን የሚፈትሽበት መንገድ ቀላል ነው፦ ቀልዱን ትቶ ቅሬታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይችላል? ከቻለ እሱን ይናገር። ካልቻለ፣ ማለትም የሚያማርረው አንድም ነገር ሳይኖር ዝቅ ማድረጉ ብቻ ከጣመው፣ ጉዳዩ ከባልዲ በላይ ነው።

ተሿፊዋ ስትናገር ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በእንግዳ ፊት አይሆንም፣ ሳምንት አሳድሮም አይሆንም፤ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ፣ ሲኒው እየታጠበ። «ሁሌ ትሰድበኛለህ» ካለች «መቼ ነው የሰደብኩሽ?» ወደሚል ክርክር ይገባሉ፤ ስድብ አልነበረምና እሱ ያሸንፋል። የሚሠራው ቃሉን እንዳለ መመለስ ነው፦ «ቧንቧ ያየችው አዲስ አበባ ስትገባ ነው ብለሃል፣ ወንድሜ ፊት። ስለ ማንኪያው ስትቀልድብኝ አብሬህ እስቃለሁ። የመጣሁበትን ግን አታንሳብኝ፣ ሰው ፊትም ብቻችንንም።» የሚፈቀደውና የማይፈቀደው አንድ ላይ ሲነገር «እንግዲያው መቀለድ ቀረ» የሚለው መሸሺያ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ የሚቀጥሉትን ሁለት ሦስት ቡናዎች መታዘብ ነው። ያፈቀረ ሰው ይረሳና አንድ ጊዜ ያመልጠዋል፣ ዓይኗን አይቶ ራሱ ይመልሰዋል። የናቀ ሰው ልመናውን ራሱን ቀልድ ያደርገዋል፦ «ተጠንቀቁ፣ ዛሬ ስለ ውሃ ማውራት ክልክል ነው!» ይላል፣ ለወንድሟ እየጠቀሰ።

እዚህ ደረጃ ከተደረሰ ውጭ አገር የጋብቻ አማካሪ ጋ ቀጠሮ ይያዛል፤ እዚህ በአብዛኛው ነገሩ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ሽማግሌ ዱላን፣ ስድብን፣ የገንዘብ ጠብን መዳኘት ያውቅበታል። «ይቀልድብኛል» ተብሎ ሲቀርብለት ግን ይስቅና «ተጫወቱ እንጂ ልጄ፣ ጨዋታ የሌለው ትዳር ምን ትዳር ነው» ብሎ ይሸኛል። ስለዚህ ይዛ የምትቀርበው ሦስት ነገር ይሁን፦ የተባለው ቃል እንዳለ፣ ማን ፊት እንደተባለ፣ እንዲተው ስንት ጊዜ እንደጠየቀችው። «በቤተሰቤ ፊት ትውልዴን አነሳብኝ፣ ሁለቴ ለመንኩት፣ ሦስተኛም ደገመው» ሲባል ሽማግሌው ፊቱን ወደ ባልየው ያዞራል።